«በየ8 ሰዓቱ» ሲባል



ከአንድ የመድኃኒት ባለሙያ ወንድማችን ጋር ሆነን፣ አንቲባዮቲክ ለታዘዘለት ሰው የሚሰጥ የአንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጅተናል። ለምሳሌ የወሰድነው በየቤታችን የሚታወቀውን አሞክሳሲሊን ነው። ለአንድ ትልቅ ሰው ባለ 500 ሚሊ ግራሙ በየ8 ሰዓቱ አንድ አንድ፣ ለ7 ቀን ታዘዘ እንበል። በጠቅላላው 21 ፍሬ ይሆናል።

ያስቸገረን ገና የመጀመሪያው መስመር ነው። «በየ8 ሰዓቱ» የሚለውን ቀን 8 ሰዓትና ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ውሰድ ማለት አድርጎ የሚረዳው አለ። «በቀን 3 ጊዜ» ብንል ደግሞ ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት ጋር ይወሰድና ሌሊቱ 12 ሰዓት ያህል ያለ መድኃኒት ያልፋል። ስለዚህ ሰዓቱን ለይተን ጻፍነው፦ ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4። ከሱብሒ በኋላ፣ ከዙህር በኋላ፣ ከመኝታ በፊት ብሎ መያዝም ይቻላል።

የቀን 8 ሰዓቱን የረሳ ሰው 10 ሰዓት ላይ ቢያስታውስ ወዲያው ይውሰድ፤ የማታውንም በሰዓቱ ይቀጥል። ያስታወሰው ማታ 3 ሰዓት ላይ ከሆነ ግን ቀጣዩ ስለ ደረሰ የተረሳውን ይተወውና 4 ሰዓት ላይ አንዱን ብቻ ይውሰድ። ለማካካስ ብሎ ሁለት በአንድ ጊዜ መዋጥ አይገባም።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲበርድ «ድኛለሁ» ብሎ የቀረውን ለሌላ ጊዜ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። የሕመሙ ስሜት ከጀርሞቹ ቀድሞ ሊጠፋ ይችላል። ወረቀቱ ላይ ያሰፈርነው «የታዘዘልህን ቀን ሙላ» ብለን ነው፤ «ብዙ ቀን በወሰድክ ቁጥር ይሻልሃል» አላልንም፤ እሱም ስህተት ነውና። ቀኑን የሚያሳጥረው ሐኪሙ ነው።

የጎንዮሽ ጉዳቶችን በአንድ ዝርዝር ብንደረድራቸው አንባቢው ፈርቶ መድኃኒቱን ያቆማል። ስለዚህ ለሁለት ከፈልናቸው። ቀለል ያለ ተቅማጥና ማቅለሽለሽ የተለመዱ ናቸው፤ ውሃ እየጠጡ፣ መድኃኒቱን ከምግብ ጋር እየወሰዱ ይቀጥሏል። ሽፍታ ከወጣ ግን የሚቀጥለውን ከመውሰድ በፊት ባለሙያ ይጠየቅ። ፊት ወይም ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወዲያው አቁሞ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሮጥ ነው። ደም የቀላቀለ ወይም የበረታ ተቅማጥም የሐኪም ጉዳይ ነው፤ መድኃኒቱ ካለቀ ከሳምንታት በኋላ እንኳ ሊመጣ ይችላል።

በረመዷን የሦስቱን ጊዜ መድኃኒት በኢፍጣርና በሱሑር መካከል አጨናንቆ የሚወስድ አለ። ለታመመ ሰው በሌሎች ቀናት ቀዷ ማውጣት የተፈቀደ መሆኑ በሱረቱል በቀራ ቁጥር 185 ሰፍሯል። መጾም የፈለገ ሐኪሙን «በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ የሚወሰድ ለእኔ ሕመም የሚሆን አለ ወይ?» ብሎ መድኃኒቱን ከመጀመሩ በፊት ይጠይቅ።