ከስምዎ ሥር ያለችው አንዲት መስመር

አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ወዳጄ ሁለተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ ቅጥር ሥራዋን ትታ ቤቷ ሆና መሥራት ጀመረች። ደንበኞቿ ሦስት መድኃኒት ቤቶች ብቻ ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ኢሜይሏን ለሌላ የመድኃኒት ቤት ባለቤት አስተላለፈላት። ሰውየው ደወለና «ብድር ታስጨርሻለሽ?» ሲል ጠየቃት። «አይ፣ እሱን አልሠራም» አለችው፤ ስልኩም ተዘጋ። ሰውየው ሒሳብ የሚይዝለት ሰውም ይፈልግ እንደነበር የሰማችው ሌላ ባለሙያ ከቀጠረ በኋላ ነው።

ጥፋቱ የሰውየው አልነበረም። በኢሜይሏ ግርጌ፣ ከስሟ ሥር የተጻፈው «የፋይናንስና የቢዝነስ አማካሪ» የሚል ነበር። ማዕረጉን ይናገራል እንጂ ምን እንደምትሠራና ለማን እንደምትሠራ አይናገርም።

አንድ ምሽት ቁጭ ብለን አስተካከልነው። መጀመሪያ «ባለፈው ወር ገንዘብ የከፈለሽ ማን ነው?» አልኳት። «መድኃኒት ቤቶች።» «ምን ሠርተሽላቸው?» «ሒሳባቸውን ይዤ፣ የወር ግብራቸውን አሳውቄ።» መልሷን ያለ ጌጥ ጻፍነው፦ «ለመድኃኒት ቤቶች ሒሳብ እይዛለሁ፤ የወር ግብር አሳውቃለሁ።» ሰባት ቃላት ብቻ ናቸው። በአማርኛ «ለ» ከፊት ስለሚመጣ፣ አንባቢው ገና በመጀመሪያው ቃል «ይሄ እኔን ይመለከታል» ይላል።

«ሌሎች ሱቆችስ እንዳይቀሩብኝ?» ብላ ሰግታ ነበር። «ለማንኛውም ድርጅት» ብትል ግን ማንም የራሱን ነገር አያገኝበትም። ደግሞም የልብስ መደብር ባለቤት ቢያነበው ሒሳብ እንደምትይዝ ይገባዋል፤ መጠየቅም አይከለከልም።

መስመሩን ለመፈተን ሥራዎን ለማያውቅ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ያስነብቡት። ከዚያ ወረቀቱን ይሸፍኑና «ምን እሠራለሁ? ለማን?» ብለው ይጠይቁ። ወዳጄ የጠየቀችው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇን ነበር። የድሮውን አንብቦ «ባንክ ነው የምትሠሪው?» አላት፤ አዲሱን አንብቦ ሁለቱንም በትክክል መለሰ።

የቀረው ማስገባቱ ነው። በጂሜይል Settings ከዚያ See all settings ይክፈቱ፤ በGeneral ሥር Signature የሚለውን ያገኛሉ። ብዙ ሰው ፊርማውን ይጽፍና እዚያው ሥር ለአዲስ መልእክትና ለመልስ የትኛው ፊርማ እንደሚገባ ሳይመርጥ ይወጣል፤ ያኔ ፊርማው አይታይም። ከታች Save Changes መጫንም አይርሱ። የስልክዎ መተግበሪያ የራሱ ፊርማ ስላለው እዚያም ለብቻ ይጻፉት። መስመሩን በሎጎ ምስል ውስጥ አያስገቡት፤ አንዳንድ የኢሜይል ፕሮግራሞች ተቀባዩ ካልፈቀደ ምስል አያሳዩም።

ተቀጣሪ ከሆኑ ግን መሥሪያ ቤትዎ የወሰነው የፊርማ ቅርጽ ካለ አስቀድመው ይጠይቁ።

ወዳጄ አሁን አምስት መድኃኒት ቤቶች አሏት። ስለ ብድር የሚደውልላት የለም።