የከዚራና የጅቡቲ መዝገብ ሲጠቃለል

በከዚራ ዋና መሥሪያ ቤት፥ በጅቡቲም ተቀጥላ ኩባንያ ያለው አንድ ቡና ላኪ አለ እንበል። ከዚራ በ800,000 ብር የገዛውን ቡና ለጅቡቲው ኩባንያው በ1,000,000 ብር ሸጠለት፤ ዓመቱ ሲዘጋ ሩቡ ሳይሸጥ በመጋዘን ተገኘ። ሒሳቡ ሲጠቃለል ይህ ከአንድ ኪስ ወደ ሌላ ኪስ የተደረገ ሽያጭ ከሽያጭም ከግዢም ይሠረዛል። ብዙ ጸሐፊዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ስሕተቱም ይኸው ነው። በቀረው ሩብ ውስጥ ገና ያልተገኘ 50,000 ብር ትርፍ አለና፥ ከዕቃው ዋጋና ከትርፉ ሊቀነስ ይገባል።

የጅቡቲው መዝገብ የሚያዘው በፍራንክ ነው። ስለዚህ ሀብቱና ዕዳው በመዝጊያው ቀን ምንዛሪ፥ ገቢና ወጪው በዓመቱ አማካይ ምንዛሪ ወደ ብር ይመለሳል፤ የሚፈጠረውም ልዩነት በካፒታል ሥር ለብቻው ይጻፋል እንጂ ከዓመቱ ትርፍ ጋር አይደባለቅም። ፍራንኩ ከዶላር ጋር የታሰረ ስለ ሆነ የሚናወጠው ብሩ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. እንደ ሆነው ምንዛሪው በድንገት ሲዘል ግን የዓመቱ አማካይ ያሳስታልና፥ ገቢና ወጪውን በየወሩ ምንዛሪ መመለስ ይሻላል።