የባቄላው ናይትሮጅን የት ይገባል?

ባቄላ በነበረበት ማሳ ላይ በቀጣዩ ክረምት ስንዴ ወይም ገብስ ቢዘራ እንደሚያምር የደጋ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ምክንያቱ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስም አጭር ነው፤ «ባቄላ መሬት ያለመልማል» ይባላል። አባባሉ እውነት ቢሆንም ግማሽ እውነት ነው። ባቄላ በራሱ ለመሬቱ ማዳበሪያ አያመርትም። ማዳበሪያውን የሚያዘጋጁት ሥሩ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ያዘጋጁት ለመሬቱ መትረፍ አለመትረፉ ደግሞ የሚወሰነው ከአጨዳ በኋላ በሚሆነው ነገር ነው።

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ተክል ያለ ናይትሮጅን ፕሮቲን አይሠራም፣ ቅጠሉም አይለመልምም። ይሁን እንጂ በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሁለት ሁለት ሆኖ በጣም ጠንካራ በሆነ ትስስር ስለተያያዘ ተክል እንዳለ ሊጠቀምበት አይችልም። የዩሪያ ፋብሪካዎች ይህን ትስስር የሚፈቱት ከ400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀትና በከፍተኛ ግፊት ነው። ራይዞቢየም የተባለው ባክቴሪያ ግን ይህንኑ ሥራ በቀዝቃዛው የደጋ አፈር ውስጥ ያከናውነዋል።

ነገሩ በሳይንስ የተረጋገጠው በጀርመን ነው። ሄርማን ሄልሪገልና ሄርማን ቪልፋርት አተርንና አጃን ናይትሮጅን በሌለው አሸዋ ላይ ዘሩ። አጃው የሚያድገው በተሰጠው ናይትሮጅን ልክ ብቻ ሆነ። አተሩ ግን ከእርሻ አፈር የተወሰደ ጥቂት ውኃ ሲጨመርለት ሥሩ ላይ እጢ አውጥቶ ለመለመ። ውኃው ፈልቶ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ሲሞትበት ግን ይህ አልሆነም። ውጤታቸውን በ1886 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይፋ አደረጉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ሆላንዳዊው ማርቲነስ ቤይሪንክ ባክቴሪያውን ከእጢው ለይቶ አወጣው።

ባቄላው ሲበቅል ሥሩ ባክቴሪያውን የሚጠራ ኬሚካል ወደ አፈሩ ይለቃል። ባክቴሪያውም በራሱ ኬሚካል ይመልስለታል። ተስማሚ ዝርያ ከሆነ ቀጭኑ የሥር ፀጉር ተጠማዞ ያቅፈውና ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ በዚያ ቦታ ላይም እጢ ይበቅላል። ባክቴሪያው በእጢው ውስጥ ሆኖ ከአየር የወሰደውን ናይትሮጅን ወደ አሞኒያ ይቀይራል፣ ተክሉም በምላሹ ከቅጠሉ ያዘጋጀውን ስኳር ይቀልበዋል። ይህ ልውውጥ ለተክሉ ርካሽ አይደለም። ማሳው ላይ ዩሪያ በብዛት ከተበተነ ባቄላው ስኳሩን ቆጥቦ እጢ ማውጣቱን ይቀንሳል፤ ነፃ የሚገኘው ናይትሮጅን ቀርቶ በገንዘብ የተገዛው ይተካል ማለት ነው።

ሥራው መካሄዱን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ባቄላው ማበብ ሲጀምር ጥቂት ተክሎችን በዶማ ከነአፈራቸው ማውጣትና ሥራቸውን በቀስታ በውኃ ማጠብ ነው። በእጅ ከተነቀሉ እጢዎቹ መሬት ውስጥ ይቀራሉ። ከዚያ አንዱን እጢ በጥፍር ሰንጥቆ ማየት ነው። ውስጡ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ እየሠራ ነው። ቅላቱ የሚመጣው በሰው ደም ውስጥ ካለው ጋር ከሚዛመድ፣ ኦክስጅንን ከሚመጥን ንጥረ ነገር ነው፤ ናይትሮጅኑን የሚቀይረው ኢንዛይም ኦክስጅን ሲበዛበት ስለሚበላሽ ነው ይህ ያስፈለገው። ውስጡ ነጭ ከሆነ ገና ያልደረሰ ወይም ሰነፍ ባክቴሪያ የያዘ ነው፤ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ደግሞ ሥራውን ጨርሷል። እጢ በቀላሉ ከሥሩ ይላቀቃል። እብጠቱ ከሥሩ የማይለይ፣ ሥሩ ራሱ ያበጠ ከሆነ ግን ምናልባት የትል ጉዳት ነው።

እጢ ከጠፋ ወይም ነጭ ከሆነ ከሚጠረጠሩት ሁሉ የመጀመሪያው የአፈሩ አሲዳማነት ነው። በብዙ የኢትዮጵያ ደጋዎች አፈሩ አሲዳማ ስለሆነ ባክቴሪያውም ሥሩም ይጎዳል፤ መድኃኒቱ የግብርና ኖራ ነው። ፎስፈረስ ያነሰበት ማሳም እጢው ይቀጭጫል። ውኃ በሚያቁረው መረሬ አፈር ላይ ደግሞ ሥሩ አየር ስለሚያጣ ማጠንፈፍ ያስፈልጋል።

ሌላው ምክንያት የባክቴሪያው ዝርያ አለመጣጣም ነው። ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ጓያ በአንድ ዓይነት ባክቴሪያ ይግባባሉ፤ ሽምብራና አኩሪ አተር ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ይፈልጋሉ። ለአካባቢው እንግዳ የሆነው አኩሪ አተር በተለይ አዲስ መሬት ላይ ሲዘራ አጋሩን አያገኝ ይሆናል። ለዚህ ነው በትናንሽ ፓኬት የሚሸጠው ሕያው ማዳበሪያ የሚጠቅመው። ፓኬቱ ውስጥ ያለው ነፍስ ያለው ነገር መሆኑን ግን መርሳት አይገባም። ለየትኛው ሰብል እንደተዘጋጀና ጊዜው አለማለፉን አይቶ መግዛት፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ማስቀመጥ፣ በጥላ ሥር በትንሽ የስኳር ውኃ ከዘሩ ጋር ማሸትና ወዲያው ዘርቶ አፈር ማልበስ ያስፈልጋል። ፀሐይ ላይ የዋለ ወይም ከሰው ሠራሽ ማዳበሪያ ጋር የተቀላቀለ ባክቴሪያ ይሞታል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። አንድ ሄክታር ባቄላ 20 ኩንታል ፍሬ ሰጠ እንበል። ከባቄላ ፍሬ 4 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ስለሆነ ፍሬው ብቻ 80 ኪሎ ናይትሮጅን ይዞ ይሄዳል። ገለባው 30 ኪሎ ያህል፣ ሥሩና የረገፈው ቅጠል ደግሞ 40 ኪሎ ያህል ይይዛሉ ብንል ድምሩ 150 ኪሎ ይሆናል። ከዚህ ሦስት አራተኛው፣ ማለትም 112 ኪሎ ያህሉ ከአየር የመጣ ቢሆን፣ ፍሬውም ገለባውም ከማሳው ሲወጡ የሚሄደው 110 ኪሎ ነው። መሬቱ ያተረፈው ሁለት ኪሎ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ገለባው በማሳው ላይ ቢቀር ግን ትርፉ 32 ኪሎ ይደርሳል፤ ይህም 70 ኪሎ ያህል ዩሪያ የሚይዘው ናይትሮጅን ነው። እርግጥ ገለባ ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን የሚለቀው ቀስ እያለ ስለሆነ ቀጣዩ ስንዴ የሚያገኘው ከፊሉን ብቻ ነው።

ትርፉ ባዶ ሲሆንም ስንዴው የሚሻለው ለምንድን ነው? ባቄላው ከአየር ስለተመገበ ከአፈሩ የወሰደው ስንዴ ከሚወስደው ያንሳል፣ ያልተወሰደውም ለቀጣዩ ሰብል ይቆያል። በተጨማሪም የስንዴ በሽታዎች አንድ ዓመት ማረፊያ ያጣሉ።

ገለባው ግን የከብት መኖ ነው፤ ለገበሬ «ማሳው ላይ ተወው» ማለት ቀላል ምክር አይደለም። ከብቱ ገለባውን በልቶ ፍጉ ወደ ማሳው ቢመለስ ናይትሮጅኑ በመጠኑም ቢሆን ይመለሳል። ፍጉ ኩበት ሆኖ ከነደደ ግን ባክቴሪያው ከአየር ያወረደው ናይትሮጅን በጭስ ተመልሶ ወደ አየር ይሄዳል። ስለዚህ ባቄላ የዘራ ሰው ሲያብብ ሥሩን ይመርምር፤ ከአውድማ በኋላም ከገለባውና ከፍጉ ቢያንስ ከፊሉን ለማሳው ይመልስ። ሁለቱም ካልተደረጉ ባቄላ መሬት ማለምለሙ ስሙ ብቻ ነው።