ስልኩ ውጭ አገር ውዱን ኔትወርክ ሲይዝ

ቂሊንጦ ካለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አንዲት መምህርት ለሥልጠና ዱባይ ሄደች እንበል። ስልኳ ሲከፈት ከአገሩ ኔትወርኮች፣ ከኢትሳላትና ከዱ፣ አንዱን ይይዛል። የሚያየው ሲም ካርዱ ላይ የተጫነውን የአጋሮች ዝርዝርና የሲግናሉን ጥንካሬ ነው፤ ዋጋ አያውቅም። ስለዚህ ከመሄዷ በፊት የሮሚንግ ታሪፉን ትመልከት። ርካሹ ዱ ከሆነ፣ በስልኩ የኔትወርክ ማስተካከያ ውስጥ Select automatically የሚለውን አጥፍታ፣ ፍለጋው እስኪያልቅ አንድ ሁለት ደቂቃ ታግሣ፣ ከሚመጣው ዝርዝር du የሚለውን ትንካ። በስም ፈንታ ቁጥር ከመጣ፣ 42403 ዱ ነው።

ብዙ ሰው የሚደናገጠው ግን ሲመለስ ነው። ቦሌ ስታርፍ ስልኩ ያንኑ ዱን እየፈለገ No service ሊል ይችላል። ሲሙ አልተበላሸም፤ ያጠፋችውን መልሳ ማብራት ይበቃታል።