«ወቀሰው» ሲባል ማን ማንን?

«ከበደ ወቀሰው» የሚለውን የሰማ ሰው ተወቃሹ ማን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። ጎረቤቱ ይሁን ልጁ፣ ወይም ቀደም ሲል በወሬ መሃል የተነሳ ሌላ ሰው፣ ዐረፍተ ነገሩ አይናገርም። አንድ ነገር ግን ሰሚው አይጠራጠርም፦ ተወቃሹ ከበደ አይደለም። ከበደ የወቀሰው የገዛ ራሱን ቢሆን ኖሮ «ራሱን ወቀሰ» በተባለ ነበር። ማንም ቁጭ አድርጎ ያላስተማረን ይህ እርግጠኝነት ከየት መጣ?

አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ኖም ቾምስኪ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን በሦስት የትስስር ሕጎች አስቀመጠው። «ራሱን»ን የመሰለ ቃል ባለቤቱን እዚያው ቅርብ፣ በገዛ ግሱ ክልል ውስጥ ማግኘት አለበት። ተራ ተውላጠ ስም በተቃራኒው በዚያ ክልል ውስጥ ባለቤት ሊኖረው አይችልም። «ከበደ»ን የመሰለ ሙሉ ስም ደግሞ ከበላዩ ባለ ተውላጠ ስም አይታሰርም።

የክልሉን ወሰን ለማየት ጾታ ጥሩ ምስክር ነው። «አስቴር ከበደ ራሱን እንደወቀሰ ነገረችኝ» ሲባል «ራሱን» ያለጥርጥር ከበደ ነው፤ «ወቀሰ» የሚለው ግስ ባለቤት እሱ ነውና። «አስቴር ከበደ ራሷን እንደወቀሰ ነገረችኝ» ቢባል ግን ጆሮ ይጎረብጠዋል፤ አስቴር ያለችው ከክልሉ ውጭ፣ «ነገረችኝ» ዘንድ ነው። ተናጋሪው «ከበደ እንደወቀሳት» ካለ ችግሩ ይወገዳል፤ ተወቃሿ አስቴርም ሌላ ሴትም ልትሆን ትችላለች። አንዱ ቃል የተከለከለበትን ቦታ ሌላው ይሞላዋል ማለት ነው።

እስካሁን ያየነው ቅርበት ብቻ ይመስላል። እንዲያ ቢሆን ሕጉ ቀላል በሆነ ነበር፤ ግን አይደለም።

«የአስቴር ወንድም ራሱን ወቀሰ» እንበል። አስቴርም ወንድሟም በአንድ ግስ ክልል ውስጥ ናቸው። ሆኖም «የአስቴር ወንድም ራሷን ወቀሰ» ብሎ የሚናገር የለም፤ «የአስቴር ወንድም ወቀሳት» ብሎ አስቴርን ማለት ግን ይቻላል። ልዩነቱ ያለው በዐረፍተ ነገሩ አወቃቀር ላይ ነው። ዐረፍተ ነገር እንደ ቤተሰብ የዘር ሐረግ ቅርንጫፍ አለው። «የአስቴር ወንድም» የሚለው ስማዊ ሐረግ በሙሉ «ራሱን ወቀሰ» ለሚለው ግሳዊ ሐረግ ወንድም ነው፤ ስለዚህ በውስጡ ያለውን ሁሉ ያዝዛል። «አስቴር» ግን በስማዊው ሐረግ ሆድ ውስጥ ተሸሽጋለች፤ ሥልጣኗ ከዚያ አይወጣም። ይህን የበላይነት እ.ኤ.አ. በ1976 በዶክትሬት ጽሑፏ አጥርታ ያስቀመጠችው እስራኤላዊቷ ታንያ ራይንሃርት ናት።

ሦስተኛውም ሕግ የሚቆመው በዚሁ ላይ ነው። «እሱ ከበደ እንደታመመ ተናገረ» ሲባል ተናጋሪው «እሱ» ከበደ ራሱ ሊሆን አይችልም። ተውላጠ ስሙ ስለቀደመ ነው እንዳይባል «ቤቱ ሲገባ ከበደ መብራቱን አበራ» የሚለው አለ፤ እዚህ የገባውም ያበራውም ከበደ መሆኑን ሁሉም ይቀበላል። የመጀመሪያው «እሱ» የዋናው ዐረፍተ ነገር ባለቤት ሆኖ ከበደን ከላይ ያዝዘዋል፤ የሁለተኛው ግን «ሲገባ» በሚለው ጥገኛ ክፍል ውስጥ ታጥሮ ቀርቷል። የሚወስነው ቅደም ተከተል ሳይሆን ደረጃ ነው።

በአማርኛ እነዚህን ሕጎች መፈተሽ የሚፈልግ ሰው ግን ሁለት ወጥመዶች ይጠብቁታል። «ከበደን ራሱን አመመው» ሲባል የታመመው ጭንቅላቱ ነው፤ ይህ «ራስ» የአካል ስም እንጂ ለሕጉ ማስረጃ አይሆንም። «ራሱ መጣ» የሚለውም ሌላ ሰው አለመላኩን የሚያጠናክር እንጂ ድርጊቱ ወደ ባለቤቱ መመለሱን የሚያሳይ አይደለም። በሌላ በኩል «ከበደ ታጠበ»፣ «ከበደ ተላጨ» ሲባል ያለ ምንም «ራሱን» ድርጊቱ በከበደ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ሥራውን «ተ» ግሱ ውስጥ ገብታ ጨርሳዋለች። ስለዚህ ጥሩ መፈተሻ የሚሆኑት እንደ «ወቀሰ»፣ «አደነቀ»፣ «ጠላ» ያሉ፣ ሰው በሌላውም በራሱም ላይ ሊያደርጋቸው የሚችሉ ግሶች ናቸው።

ሕጎቹ በየቋንቋው በአንድ ልክ አልተሰፉም። ብዙ ክርክር ያስነሳው የቻይንኛው «ዚጂ» ነው፤ ትርጉሙ «ራስ» ነው። «ጃንግሳን፣ ሊሲ ዚጂን ይጠላል ብሎ ያስባል» በሚለው የቻይንኛ ዐረፍተ ነገር የሚጠላው ሊሲ ራሱም፣ ሩቅ ያለው ጃንግሳንም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ የሚያሰምረውን የክልል ወሰን «ዚጂ» ይሻገራል ማለት ነው። ነገር ግን በሊሲ ቦታ «እኔ» ቢገባ፣ ማለትም ጃንግሳን «እኔ ዚጂን እጠላለሁ» ብሎ የሚያስበው ስለ ተናጋሪው ከሆነ፣ ወደ ጃንግሳን የሚወስደው መንገድ ይዘጋል፤ «ዚጂ» ተናጋሪውን ብቻ ያመለክታል።