ወለድ ሲወጣ ቦንድ ለምን ይረክሳል?

በ2023 መጀመሪያ ላይ ቨርጂኒያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። ነርስ ናት። ከደመወዟ እየተቆረጠ የሚቀመጥላት የጡረታ ገንዘብ የዓመቱ መግለጫ ደርሷት ነበር። አክሲዮን ስለሚያስፈራት አብዛኛውን ያስገባችው የአሜሪካን የቦንድ ገበያ በጠቅላላ በሚከተል ፈንድ ውስጥ ነው። መግለጫው ግን ፈንዱ በ2022 ብቻ 13 በመቶ ገደማ መውረዱን ይናገራል።

«ቦንድ እኮ ብድር ነው» አለችኝ። «ያበደርኩት ሰው አልጠፋ፣ ወለዱንም አልከለከለኝ። ታዲያ ገንዘቤ የት ገባ?»

እውነቷን ነው፤ የካዳት ሰው የለም። የሆነው ሌላ ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ ዜሮ ጥግ ይዞት የቆየውን ወለድ ከ2022 ማርች ጀምሮ በላይ በላዩ ሲጨምር ዓመቱ ሳያልቅ ከ4 በመቶ አለፈ። እሷ እጅ ያሉት ቦንዶች ደግሞ የተገዙት ወለድ በረከሰበት ዘመን ነው።

«ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢ» አልኳት።

የአንድ ዓመት ቦንድ እንውሰድ። ላይ የተጻፈበት ዋጋ 1,000 ዶላር፣ ወለዱ 2 በመቶ ነው። ዓመቱ ሲሞላ የያዘው ሰው 1,020 ዶላር ይቀበላል። ይህ ቁጥር ውል ነው፤ ማንም አይነካውም። አሁን፣ ቦንዱን በገዛሽ ማግስት የገበያው ወለድ ወደ 4 በመቶ ወጣ እንበል። መንግሥት አዲስ ለሚገዛው ሰው በ1,000 ዶላር 1,040 ሊሰጥ ነው። አንቺ የድሮውን ይዘሽ ገበያ ብትወጪ ማን በ1,000 ይገዛሻል?

«ማንም» አለች።

ስለዚህ መቀነስ ይኖርብሻል። እስከ ስንት? ገዢው ካንቺም ቢገዛ ከአዲሱም ቢገዛ እኩል እስኪሆንለት ድረስ ነው። ያ ዋጋ 980 ዶላር ከ77 ሳንቲም ነው። ዛሬ 980.77 ከፍሎ ዓመቱ ሲሞላ 1,020 የሚቀበል ሰው 39.23 ያተርፋል፤ ይህም ካወጣው ገንዘብ ልክ 4 በመቶ ነው። ምሥጢሩ ይኸው ብቻ ነው። ቦንዱ የሚከፍለው ወለድ በውል ስለታሰረ ከገበያው ጋር ሊራመድ አይችልም፤ የሚንቀሳቀሰው ዋጋው ነው። ወለድ ሲወርድ ደግሞ በተቃራኒው ያው የድሮ ቦንድ ተፈላጊ ሆኖ ከ1,000 በላይ ይሸጣል።

የአክስቴ ልጅ ግን አልረካችም። «ወለዱ ከ2 ወደ 4 እጥፍ ሆነ። ታዲያ ቦንዱ ለምን በግማሽ አልወረደም?»

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ነገሩ የሚገለጠውም እዚህ ላይ ነው። በግማሽ ያልወረደው ዋናው 1,000 ዶላር ከዓመት በኋላ ስለሚመለስ ነው። ገዢው በአነስተኛ ወለድ የሚቆየው ለአንድ ዓመት ብቻ ስለሆነ ካሣውም የአንድ ዓመት ነው። ቦንዱ ባለ 10 ዓመት ቢሆን ግን የጎደለውን 20 ዶላር አሥር ጊዜ መካስ አለበት። ወደፊት የሚመጣ ዶላር ከዛሬው ያነሰ ዋጋ ስላለው ካሣው ሙሉ 200 አይሆንም፤ ስሌቱ 838 ዶላር ገደማ ላይ ያርፋል። ባለ 30 ዓመቱ 654 ይደርሳል። ዋናው ገንዘብ በራቀ ቁጥር ዋጋው ወደ 500 ይጠጋል፤ በትክክል በግማሽ የሚወርደው ዋናው ጨርሶ የማይመለስ፣ ለዘላለም ወለድ ብቻ የሚከፍል ቦንድ ቢሆን ነው።

ይህ የወረቀት ላይ ጨዋታ እንዳይመስል አንድ እውነተኛ ቦንድ ልጥቀስ። የአሜሪካ ግምጃ ቤት በ2020 ሜይ፣ ኮሮና ወለዱን መሬት ባስነካበት ወቅት፣ በዓመት 1.25 በመቶ የሚከፍል ባለ 30 ዓመት ቦንድ ሸጦ ነበር። በ2023 ኦክቶበር የረጅም ጊዜ ወለድ 5 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ያ ቦንድ ከግማሽ ዋጋው በታች ይሸጥ ነበር። ተበዳሪው ያው የአሜሪካ መንግሥት ነው፤ አንድም ክፍያ አላጎደለም።

ከዚህ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ይኸው ስሌት አንድ ትልቅ ባንክ ጥሎ ነበር። ካሊፎርኒያ የነበረው ሲሊከን ቫሊ ባንክ በቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ተቀማጭ ተጥለቅልቆ፣ ገንዘቡን ወለድ ርካሽ በነበረበት ጊዜ በረጅም ጊዜ ቦንዶች ላይ አዋለው። ቦንዶቹ ከሞላ ጎደል የመንግሥት ወይም መንግሥት የሚደግፋቸው ስለነበሩ «ይከፈለኝ ይሆን?» የሚል ሥጋት አልነበረም። ወለድ ሲወጣ ግን ረከሱ። በሒሳብ አያያዝ ሕግ መሠረት እስከ መክፈያ ቀናቸው ይዤያቸው እቆያለሁ ያላቸውን ቦንዶች በገዛበት ዋጋ መዝግቦ ማስቀመጥ ይችል ነበር፤ ኪሳራው በግርጌ ማስታወሻ እንጂ በትርፍና ኪሳራው ላይ አይታይም። እስከ መጨረሻው መያዝ ከቻለ ሙሉ ገንዘቡን ስለሚያገኝ አሠራሩ መሠረት የለውም አይባልም። ጣጣው አስቀማጩ ገንዘቡን ሲጠይቅ ነው። ለእሱ «እስከ 2030 ጠብቀኝ» አይባልም።

ደንበኞቹ ገንዘብ እያወጡ ሲሄዱ ባንኩ ከሌላው መደቡ 21 ቢሊዮን ዶላር የሚያህል ቦንድ ሸጠ። 1.8 ቢሊዮን ዶላር መክሰሩን ማርች 8 ቀን 2023 ሲያስታውቅ አስቀማጮቹ የቀሩትም ቦንዶች ምን ያህል እንደረከሱ ማስላት ጀመሩ። በማግስቱ በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር እንዲወጣ ተጠየቀ። ማርች 10 ባንኩ ተዘጋ።

የእኛ ሰው ቦንድ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው የህዳሴ ግድብ ነው። ያንን የገዛ ሰው እንዲህ ያለ ድንጋጤ አላየም፤ ቦንዱ በየዕለቱ ዋጋ የሚወጣለት ገበያ ላይ ስላልነበረ ነው። የዋጋ ሰሌዳ አለመኖሩ ግን ኪሳራውን አያስቀረውም ባይ ነኝ። ወለድ በወጣበት ዘመን ዝቅተኛ ወለድ ይዞ የሚጠብቅ ሰው፣ የአሜሪካው ገበያ በአንድ ቀን የሚያሳየውን ጉድለት በየዓመቱ ባልተቀበለው ወለድ በኩል ቀስ እያለ ይከፍለዋል።

«እና ልሽጠው?» አለችኝ የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ።

ጡረታ የምትወጣው መቼ እንደሆነ ጠየቅኳት። አሥራ አንድ ዓመት ቀርቷታል። የእሷ ዓይነት ፈንድ የያዛቸው ቦንዶች፣ ወለዱም ዋናውም ተደምሮ፣ ገንዘባቸው በአማካይ በስድስት ዓመት ተኩል ገደማ ውስጥ ይመለሳል። ይህ ቁጥር ሁለት ነገር ይነግራል። አንደኛው፣ ወለድ በ1 በመቶ በወጣ ቁጥር ፈንዱ ወደ 6 በመቶ እንደሚወርድ ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው፦ የድሮዎቹ ቦንዶች እየተከፈሉ ገንዘቡ በአዲሱ ከፍተኛ ወለድ ስለሚገዛ፣ ያን ያህል ጊዜ መታገሥ የሚችል ሰው ከአንድ ጊዜ የወለድ ጭማሪ የደረሰበትን ጉዳት ከሞላ ጎደል ያካክሳል። ገንዘቡን በሁለት ዓመት ውስጥ የሚፈልግ ሰው ግን መጀመሪያውኑ እዚህ ፈንድ ውስጥ መግባት አልነበረበትም፤ ለእሱ የሚሆነው የአጭር ጊዜ ቦንድ ነው።

እሷ አልሸጠችም። ያ በግማሽ ዋጋ የተሸጠው የግምጃ ቤት ቦንድም ሜይ 15 ቀን 2050 ለያዘው ሰው 1,000 ዶላሩን ሳይሸራርፍ ይከፍላል።