ማዳበሪያው በማን እጅ ነው?

ድምፅ በጥቅም ተለወጠ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው በምርጫ ዋዜማ የሚታደል ብር ወይም ስኳር ነው። በጎጃም ደጋ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። ሹሙ ከኪሱ አንዳች አያወጣም። ገበሬው ገንዘቡን ከፍሎ የሚወስደውን ነገር መያዝ ብቻ ይበቃዋል።

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ አራት ጥማድ፣ ማለትም አንድ ሄክታር ያህል፣ ስንዴና ጤፍ የሚያርስ ገበሬ እናስብ። ለዓመታት የግብርና ባለሙያዎች ምክር ለሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ ነበር። ማዳበሪያውን መንግሥት ያስገባል፣ ዩኒየኑ ይረከባል፣ ለገበሬው የሚደርሰው በመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል ነው። ስሙ እንዲመዘገብ የልማት ሠራተኛውና ቀበሌው ማወቅ አለባቸው፤ ብድር ካስፈለገውም የቀበሌ ምስክርነት ይጠየቃል። ሌላ በር የለውም። ምርጫ ደግሞ ብዙ ጊዜ ግንቦት ላይ ይውላል፣ ዘር ሰኔና ሐምሌ ይዘራል። ሰኔ ላይ «ስምህ አልመጣም» የተባለ ሰው አቤቱታው እስኪታይ ዝናቡ ያልፍበታል።

ገበሬው ይህን የመከልከል ማስፈራሪያ የሚያምነው ቀድሞ ያየው ስላለ ነው። በ1989 የአማራ ክልል የመሬት ድልድል ሲካሄድ፣ በቀደሙት መንግሥታት ሥልጣን የነበራቸው «ፊውዳል»ና «ቢሮክራት» ተብለው መሬታቸው በአንድ ሄክታር ተገደበ። መንግሥት ያልወደደው ሰው መሬት እንደሚጎድልበት መንደሩ ሁሉ ተመለከተ።

የድምፅ ወረቀቱ ምሥጢር አይደለም ወይ? ነው። የፓርቲ አባልነት ግን ምሥጢር አይደለም። በግንቦት 1997 ተቃዋሚዎች ያልተጠበቀ ድምፅ ካገኙ በኋላ የቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 ሰው እንዲይዝ ተደረገ፤ የኢሕአዴግ አባላት ቁጥርም በጥቂት ዓመታት ወደ ሚሊዮኖች አሻቀበ። በኋላ ደግሞ «አንድ ለአምስት» አደረጃጀት እያንዳንዱን ቤት ደረሰ። ማን ከስብሰባ ቀረ፣ ማን አጉረመረመ፣ ጎረቤት ያውቀዋል። ኮሮጆውን ማየት ሳያስፈልግ ሰውየውን ማየት ተቻለ። በ2002 ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን ወሰዱ።

ይህን ውጤት ማስፈራራት ብቻ አመጣው ማለት አይቻልም። መንገድ፣ ጤና ኬላና ትምህርት ቤት ያየ ገበሬ ወዶ የመረጠም አለ። ሂውማን ራይትስ ዎች በጥቅምት 2003 ባወጣው ሪፖርት ማዳበሪያና ብድር በፖለቲካ ምክንያት እንደሚከለከሉ ሲገልጽ፣ መንግሥት ክሱን አልተቀበለም። በአንድ ሰው ጉዳይ ላይ እውነቱን ማጣራት በእርግጥ ከባድ ነው፤ «አልቆብናል» የሚል መልስ እጥረትንም በቀልንም ይሸፍናልና።

ስለዚህ በቀበሌህ ዘንድሮ ስንት ኩንታል እንደመጣና ለማን ስንት እንደተሰጠ ከሥርጭቱ በፊት በአደባባይ እንዲለጠፍ ጠይቅ። ተከልክለሃል ከተባልህም ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጥህ፤ አቤቱታህም ከሰኔ በፊት ይታይልህ።